ጣቱ ያው ነው፣ ቁልፉ ግን የለም፦ ሪሴት የተደረገ አንድ ስልክ ጉዳይ

ባለጉዳይዋ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምንሠራው፤ እኔ የኮምፒውተርና የሲስተም ድጋፍ ላይ ነኝ። አንድሮይድ ስልካቸው ከአንድ የሲስተም ማሻሻያ በኋላ መነሣት አቃተው። ይበራል፣ አርማው ላይ ይደርሳል፣ ተመልሶ ይጠፋል። ጥገና ወሰዱት። ጠጋኙ ፋክተሪ ሪሴት አደረገው፤ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ አደረገውና ስልኩ ተነሣ።

ከዚያ በቀድሞው የጉግል አካውንታቸው ገቡ። ፎቶው፣ የሰው ስልክ ቁጥሩ፣ አፖቹ ሁሉ ተመለሱ። አዲስ ፒን አወጡ። ያንኑ የቀኝ አውራ ጣታቸውንም እንደገና አስመዘገቡ። ስልኩ በጣታቸው ይከፈታል። ስለዚህ ሁሉም ነገር እንደነበረ ሆኗል ብለው አሰቡ።

ችግሩ የታየው አካውንቶቻቸው ውስጥ ለመግባት ሲሞክሩ ነው። የክፍያ አፑ በአሻራ አልከፈተላቸውም፣ የይለፍ ቃል ያስገቡ አላቸው። ሙያዊ ስልጠና የሚከታተሉበት ድረ ገጽ በፓስኪ፣ ማለትም የይለፍ ቃልን በሚተካ ዲጂታል ቁልፍ፣ ነበር የሚያስገባቸው፤ እሱም እምቢ አለ። የመሥሪያ ቤታችን ሲስተም ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ኪውአር ኮድ ያሳያል፤ በስልካቸው ሲያነሡት ስልኩ ላይ `No passkeys available` የሚል ወጣ።

እኔ ጋ መጥተው ያሉት ይህን ነው፦ "ልጄ፣ ጣቴ እኮ ያው ጣቴ ነው። ስልኩም ያው ስልክ ነው። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የማያውቀኝ?"

ጥያቄው ትክክለኛ ቦታውን የነካ ነው። ብዙ ሰው አሻራውን የሚያየው እንደ ይለፍ ቃል ነው። ጣቱን የሚያውቀው ድረ ገጹ ይመስለዋል። ድረ ገጹ ግን ጣቱን አይቶት አያውቅም።

ጣቱ ምን ይሠራል?

ፓስኪ ሲፈጠር ስልኩ ሁለት የተያያዙ ቁልፎችን ያመነጫል። አንዱ የአደባባይ ቁልፍ ነው። እሱ ወደ አገልግሎቱ ሰርቨር ይሄዳል። ሌላው የግል ቁልፍ ነው። እሱ ለአገልግሎቱ በፍጹም አይሰጥም። ሊገቡ ሲሉ ሰርቨሩ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። ስልኩ ያንን ቁጥር በግል ቁልፉ ፈርሞ ይመልሳል። ሰርቨሩ ፊርማውን በእጁ ካለው የአደባባይ ቁልፍ ጋር ያመሳክራል። ከተስማማ በሩ ይከፈታል።

ጣት የሚመጣው መሃል ላይ ነው። ስልኩ ከመፈረሙ በፊት ባለቤቱ እዚህ መኖሩን ያረጋግጣል። አሻራ፣ ፊት ወይም ፒን ይጠይቃል። ሥራው ይኸው ነው። ካዝና ደጃፍ ላይ ለቆመ ዘበኛ ፊትዎን እንደማሳየት ነው። ዘበኛው አውቆ ቢያሳልፍዎትም ካዝናው ባዶ ከሆነ የሚያወጡት ነገር የለም። የእኚህ ባልደረባዬ ስልክ ላይ የሆነው ይህ ነው። ጣታቸውን ስልኩ ያውቀዋል። የሚፈርምበት ቁልፍ ግን የለውም።

ቁልፉ የት ሄደ? አንድሮይድ ላይ ከስልኩ የማይወጡ ቁልፎች የሚያዙበት ክፍል `Android Keystore` ይባላል። ሥራው የሚሠራው ከተራው ሲስተም ተነጥሎ በተከለለ የፕሮሰሰር ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንድ ስልኮች ለዚሁ ብቻ የተለየ ቺፕ አላቸው። አፑ "ይህን ፈርምልኝ" ማለት ይችላል፤ "ቁልፉን ስጠኝ" ማለት ግን አይችልም። አንድሮይድ ራሱም ቢሆን ቁልፉን ገልጦ ማየት አይችልም። ስልኩ ውስጥ ቫይረስ ቢገባ ቁልፉን ቀድቶ ወደ ሌላ ስልክ እንዳይወስድ ነው እንዲህ የተሠራው።

ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ ስልኩ ላይ ያለው ዳታ የተቆለፈባቸው ቁልፎች ይጠፋሉ። እነዚህ የግል ቁልፎችም አብረው ይሄዳሉ። የሆነ ጥግ ላይ ተሸሽገው የቀሩ አይደሉም። ጉግል ላይ የተቀመጠው ተራው የስልክ ባክአፕም እነሱን አልያዘም፤ የያዘው ፎቶን፣ የስልክ ቁጥርን፣ የአፕ ዝርዝርንና ቅንብሮችን ነው። ስለዚህ ከሪሴት በኋላ "የጠፋውን ፓስኪ ከስልኩ አውጥቼ እሰጥሃለሁ" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት። የሚወጣ ነገር የለም።

ያው ጣት፣ ሌላ መዝገብ

አሁን ወደ ጣቱ ልመለስ። ባልደረባዬን ያስቸገራቸው እሱ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ዝርዝር ውስጥ ብገባ ደስ ይለኛል።

አሻራ ስታስመዘግቡ ስልኩ የጣታችሁን ፎቶ አያስቀምጥም። ከጣቱ መስመሮች የወጣ የሒሳብ መግለጫ ነው የሚያስቀምጠው። እሱም በዚያው በተከለለው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ወደ ባክአፕ አይሄድም፣ ወደ አዲስ ስልክ አይተላለፍም። ከምዝገባው ጋርም ሲስተሙ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ያወጣል። ፒን ስታወጡም እንዲሁ ሌላ መለያ ቁጥር ይወጣል። በአሻራ እንዲከፈት ተደርጎ የተፈጠረ ቁልፍ የሚታሰረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ከሪሴት በኋላ ያንኑ አውራ ጣት ብታስመዘግቡም ቁጥሩ አዲስ ነው። ሲስተሙ "ይህ የድሮው ጣት ነው" ብሎ የሚያወዳድርበት ነገር የለውም፤ የድሮው መግለጫ ጠፍቷላ። እንበልና የድሮው ቁልፍ በሆነ ተአምር ተርፎ ቢገኝ እንኳ በአዲሱ ምዝገባ አይከፈትም።

በነገራችን ላይ ሪሴት ሳይደረግም ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ብዙ የክፍያ አፖች አዲስ ጣት ስልኩ ላይ በተጨመረ ቁጥር የአሻራ ቁልፋቸው እንዲሞት ያደርጋሉ። አንድሮይድ ላይ አፑ በአሻራ ብቻ የሚከፈት ቁልፍ ሲፈጥር ይህ ራሱ መደበኛው አሠራር ነው። ስክሪን ሎክን ጨርሶ ማንሣትም ቁልፉን ይገድላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፒናችሁን የሚያውቅ ሰው ስልካችሁን ከፍቶ የራሱን ጣት ቢጨምር፣ በዚያው ጣት የክፍያ አፑ ውስጥ መግባት የለበትም። ስለዚህ ልጃችሁ ጣቷን ስልካችሁ ላይ ካስመዘገበች በኋላ አፑ የይለፍ ቃል ቢጠይቃችሁ ብልሽት አይደለም።

አንድ የሚመስል፣ ሦስት የሆነ ችግር

ሦስቱም አካውንቶች አልገባ ያሉት በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት ነው። ዓይነታቸው ግን ይለያያል። መፍትሔውም ለየቅል ነው።

ቀላሉ የክፍያ አፑ ነበር። እሱ የሚጠቀመው ፓስኪ አልነበረም። እንዲህ ያሉ አፖች ስልኩ ውስጥ የራሳቸውን ቁልፍ ይፈጥሩና አሻራን የይለፍ ቃል ማሳጠሪያ ያደርጉታል። የይለፍ ቃሉ ከበስተጀርባ ሁልጊዜ አለ። በይለፍ ቃላቸው ገቡ፣ በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ አስገቡ፣ አፑ ስልኩን እንደ አዲስ መሣሪያ መዘገበው። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው በአሻራ መግባትን መልሰው አበሩ። በቃ።

የስልጠናው ድረ ገጽ ነው ጊዜ የወሰደብን። ላፕቶፕ ላይ በኢሜይል ኮድ አስገባኋቸውና የአካውንታቸውን የደህንነት ገጽ ከፈትን። ፓስኪው ዝርዝሩ ላይ አለ። የተፈጠረበት ቀን ተጽፏል፣ መጨረሻ የተጠቀሙበትም ቀን ተጽፏል።

"ይኸው አለ አይደል እንዴ!" አሉኝ።

አለ፣ ግን ያለው ግማሹ ነው። ሰርቨሩ የያዘው የአደባባይ ቁልፉን ነው። ስልኩ ሪሴት መደረጉን የነገረው የለም፤ የሚነገርበት መንገድም የለም። ዝርዝር ላይ መታየቱ የግል ቁልፉ በሕይወት መኖሩን አያሳይም። በዚያ ገጽ ላይ የሚጠቅመን ነገር ግን ሌላ ቦታ ተጽፏል፦ ፓስኪውን ያስቀመጠው `Google Password Manager`፣ የጉግል የይለፍ ቃልና የፓስኪ ማስቀመጫ፣ ነው ይላል። ይህ ተስፋ ሰጠኝ።

ለምን ተስፋ እንደሰጠኝ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ፓስኪ የቆመበት ዌብኦተን የሚባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ሲጸድቅ፣ በተግባር ቁልፍ ማለት በአንድ መሣሪያ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚሞት ነገር ነበር። ጥበቃው ጠንካራ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ግን ሰውየው ደጅ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በአንድ ላይ ባወጡት መግለጫ ቁልፉ በተጠቃሚው መሣሪያዎች መካከል ሲንክ የሚደረግበትን፣ ማለትም ሁሉም ላይ የሚገኝበትን፣ መንገድ እንደሚያመጡ አሳወቁ። ጉግል ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ የሚቀመጠው ፓስኪ የዚህ ዓይነት ነው። የግል ቁልፉ ስልኩ ላይ ተመስጥሮ፣ ጉግል ራሱ ሊያነበው በማይችል መልክ ወደ አካውንቱ ይሄዳል። አይፎን ላይ የአይክላውድ ኪይቼይን ሥራም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ የስልጠናው ፓስኪ አልጠፋም። ተቆልፎ ተቀምጧል። ታዲያ ለምን አልመጣም?

ስልኩ ላይ ስንሞክር የድሮውን መሣሪያ ስክሪን ሎክ አስገቡ የሚል ሳጥን ወጣ። ለካስ ባልደረባዬ ቤታቸው ሆነው ይህንኑ አይተውት አዲሱን ፒን ደጋግመው አስገብተዋል። ፊቴ እያሉም እንደገና ሊጽፉት ጣታቸውን አነሡ። ወዲያው እጃቸውን ያዝኩ፦ "ቆይ፣ ቆይ፣ አይንኩት!"

ምክንያቱም ያ ሳጥን የሚፈልገው አዲሱን ፒን አይደለም። "የድሮው መሣሪያ" የሚለው ይኸው እጃቸው ላይ ያለውን ስልክ ነው፣ ከሪሴቱ በፊት እንደነበረው። ለሲስተሙ ሪሴት የተደረገ ስልክ ሌላ ስልክ ነው። የተመሰጠረው ቁልፍ መፍቻ የድሮው ስክሪን ሎክ ነው። ሙከራውን የሚቆጥረው ደግሞ ስልኩ ሳይሆን በጉግል የዳታ ማዕከል ያለ የተጠበቀ ሃርድዌር ነው። የሚፈቀደው የስህተት ሙከራ ቢበዛ 10 ነው። ከዚያ ካለፈ በዚያ ስክሪን ሎክ ማስመለስ ያበቃል። ለጉግል ድጋፍ ክፍል ቢጻፍም ሊረዱ አይችሉም፤ ቁልፉን እነሱም መክፈት አይችሉምና።

"ከሪሴቱ በፊት ስልክዎን በምን ነበር የሚከፍቱት?" አልኳቸው።

"በጣቴ ነዋ!"

"ጣት እምቢ ሲልዎትስ?"

ዝም አሉ። ከዚያ ፒን እንዳልነበረ ትዝ አላቸው፤ ነጥቦቹን በመስመር የሚያገናኙበት ፓተርን ነበር። ቅርጹን በቃል ሊነግሩኝ አልቻሉም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩትና በባዶ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ነጥብ ሣልኩላቸው። ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አሳረፉ፣ እጃቸው ራሱ ሄደ። ደግመው ሞከሩት፣ ያንኑ መንገድ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ ላይ ያስገቡት። ተቀበለ። የስልጠናው ፓስኪ ተመለሰና በአዲሱ አሻራቸው ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአዲሱ አሻራ የገቡት ሲንክ የሚደረገው ፓስኪ በአንድ የተወሰነ የጣት ምዝገባ ስላልታሰረ ነው። ስልኩ የሚጠይቀው ባለቤቱ ስክሪን ሎኩን መክፈት መቻሉን ብቻ ነው። ነፃ ግን አይደለም። ፓተርኑን ጨርሰው ረስተውት፣ ፓስኪዎቹ ያሉበት ሌላ መሣሪያም ባይኖራቸው ኖሮ ይህም ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጉግል ለፓስወርድ ማኔጀሩ የተለየ ፒን ማውጣትንም ጨምሯል። እሱን ያወጣ ሰው ሌላ መሣሪያ ላይ ያንን ፒን ማስገባት ይችላል። እሳቸው አላወጡም ነበር።

የማይመለሰው

የመሥሪያ ቤታችን ሲስተም ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ የይለፍ ቃል የለም። ሠራተኛው ስልኩ ላይ ባለ ኦተንቲኬተር በሚባል የማንነት ማረጋገጫ አፕ ውስጥ ፓስኪ ይፈጥራል፤ ያ ፓስኪ ከዚያ ስልክ አይወጣም።

ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው መልእክት ምንም አልረዳንም። ኪውአር ኮዱ ከተነሣ በኋላ ብራውዘሩ ሲጠብቅ ቆየና ይህን አወጣ፦

```
NotAllowedError: The operation either timed out or was not allowed.
```

ይህ መልእክት ሰዓት ሲያልቅም ይወጣል፣ ተጠቃሚው ሲሰርዝም ይወጣል፣ ቁልፍ ሳይኖርም ይወጣል። ሆን ተብሎ ነው። መልእክቱ ቢለያይ አንድ ድረ ገጽ ስልካችሁ ላይ ምን ምን ቁልፍ እንዳለ መሰለል ይችል ነበር። ስለዚህ ችግሩ ምን እንደሆነ ከብራውዘሩ ስህተት ለመረዳት አትድከሙ። ስልኩ ላይ የሚወጣውን እና ሰርቨሩ ላይ የተመዘገበውን ነው ማየት።

እኔ ሰርቨሩን ማየት እችላለሁ። ፓስኪ ሲመዘገብ ስልኩ ለሰርቨሩ ከሚልከው መረጃ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። `BE` የሚባለው ቁልፉ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊሄድ የሚችል ዓይነት መሆኑን ይናገራል። `BS` የሚባለው ደግሞ በዚያን ሰዓት ባክአፕ ተደርጎ እንደሆነ ይናገራል። የባልደረባዬ መዝገብ ላይ `BE` ዜሮ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ቁልፉ በዚያ ስልክ ተወለደ፣ ከዚያ ስልክ ጋር ጠፋ።

"ታዲያ ለምን እንደሌላው ባክአፕ አታደርጉትም?" ብለው ጠየቁኝ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልሴ እንዲህ ነው። ሲንክ የሚደረግ ቁልፍ ደህንነቱ በሠራተኛው የግል አካውንት ላይ ይንጠለጠላል። ያንን አካውንትና የስክሪን ሎኩን ያገኘ ሰው ቁልፉን ሌላ ስልክ ላይ ያወርዳል። የደመወዝና የክፍያ ሰነድ ለሚያጸድቅ ሰው ይህ ይከብዳል። ፊርማው የመጣው እኛ ከምናውቀው ከዚያ አንድ ስልክ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን። ለስልጠና ድረ ገጽ ግን ሲንክ የሚደረገው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ትልቁ አደጋ ስርቆት ሳይሆን ደጅ መቅረት ነው።

ስለዚህ መፍትሔው አዲስ ቁልፍ መፍጠር ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ማስገባት አለብኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ ኮድ ከሲስተሙ አወጣሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን መታወቂያቸውን አየሁ፣ የቅርብ ኃላፊያቸውም መጥተው አረጋገጡ። በየቀኑ የማያቸው ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ደንቡን አልዘለልኩም። ፓስኪ መስረቅ ያልቻለ ሌባ የሚሞክረው ይህንን በር ነው። ይደውልና "ስልኬ ሪሴት ሆነብኝ፣ ኮድ ላኩልኝ" ይላል። በስልክ ጥሪ ብቻ ኮድ የሚሰጥ የድጋፍ ክፍል ካለ፣ ያ ሁሉ የቺፕ ጥበቃ ዋጋ የለውም።

በኮዱ ገብተው ስልካቸው ላይ አዲስ ፓስኪ ፈጠሩ። በዚያው ሰዓት አንድ የዩኤስቢ የደህንነት ቁልፍም አስመዘገብኩላቸው። እሱም ከራሱ የማይወጣ ቁልፍ ነው የያዘው። ግን ስልኩ ዳግመኛ ሪሴት ቢደረግ በእሱ ገብተው ራሳቸው አዲስ ፓስኪ መፍጠር ይችላሉ። እኔ ጋ መምጣት አያስፈልጋቸውም። አሁን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ለሚያጸድቁት ሁሉ ከመጀመሪያው ሁለት ሁለት እያስመዘገብን ነው።

የቀረው የድሮውን መዝገብ ማጥፋት ነበር። ዝርዝሩ ላይ የአንድ ስልክ ሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ፓስኪዎች ቆመዋል። አንዱ የሞተ፣ አንዱ ሕያው። በግምት ማጥፋት አደገኛ ነው። ሕያውን ብታጠፉ ስልኩ ፊርማውን ይልካል፣ ሰርቨሩ ግን የሚያመሳክርበት ስለሌለው አይቀበለውም። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ከሲስተሙ ወጡ፣ በአዲሱ ፓስኪ እንደገና ገቡ፣ ከዚያ ገጹን አድሰን መጨረሻ የተጠቀሙበትን ቀን አየን። ቀኑ የተቀየረው ሕያው ነው። ያልተቀየረውን አጠፋን። ለቀረው ደግሞ የተፈጠረበትን ወርና "ከሪሴት በኋላ" የሚል ስም ሰጠነው።